ፑል አፕ ሬዚስተር ምንድን ነው? ማንም ያልነካው ደወል ለምን ይጮኻል?

አራት ኪሎ ትንሽ ካፌ ላላት አክስቴ የደወል ቁልፍ ሠርቼላት ነበር። ቁልፉ በረንዳ ላይ፣ አርዱይኖው ኩሽና ውስጥ፣ በመሀል 6 ሜትር ሽቦ። ቁልፉ ሲጫን ፒን 2 ከግራውንድ ጋር ይገናኝና ደወሉ ይጮኻል። ቀን ላይ ደህና ዋለ። አመሻሽ ላይ የኩሽናው መብራት ሲበራ ግን ማንም ሳይነካው ይጮህ ጀመር። "ልጄ፣ ምን አድርገህበት ነው?" ብላ ደወለችልኝ።

ቁልፉ ሲጫን ፒኑ 0 ቮልት ነው፤ ይሄ ግልጽ ነው። ሳይጫንስ? እኔ የረሳሁት ይሄንን ነው። ያኔ ሽቦው ከምንም ጋር አልተገናኘም። ፒኑ ተንሳፏል ይባላል።

ተንሳፈፈ ማለት ግን 0 ሆነ ማለት አይደለም። አርዱይኖ ኡኖ ላይ ያለው ቺፕ በግቤት ፒኑ የሚያሳልፈው ከረንት ቢበዛ 1 ማይክሮ አምፒር ነው። ስለዚህ እዚህ ግባ የማይባል ቻርጅ እንኳ ቮልቴጁን ወዲያ ወዲህ ይወስደዋል። 6 ሜትሩ ሽቦ ደግሞ አንቴና ሆኖ ከግድግዳው የመብራት መስመር 50 ኸርዙን ይለቅማል። ቺፑ በ5 ቮልት ሲሠራ ከ1.5 ቮልት በታች ያለውን 0፣ ከ3 ቮልት በላይ ያለውን 1 ብሎ ያነባል። በመሀል ላለው ዋስትና የለም። እጅ ማስጠጋት ብቻ ንባቡን ሊቀይረው ይችላል።

በቴስተር ልለካው ስል ደግሞ ደወሉ ሳያቋርጥ ይጮህ ጀመር። ይሄ ብዙ ሰው ያሳስታል። የዲጂታል ቴስተር የውስጥ ሬዚስታንስ አብዛኛውን ጊዜ 10 ሜጋ ኦም ነው። ለሌላ ነገር ኢምንት ቢሆንም የተንሳፈፈን ፒን ወደ ግራውንድ ለመጎተት ይበቃል። ስትለካው ባህሪውን የሚቀይር ፒን ካየህ መንሳፈፉን ጠርጥር።

መፍትሔው ከ5 ቮልት ወደ ፒኑ ሬዚስተር ማገናኘት ነው። ወደ ላይ ስለሚስብ ፑል አፕ ተባለ። በር ላይ እንደሚገጠም ሞላ አስበው፤ ስትገፋው ይከፈታል፣ ስትለቀው ራሱ ይመለሳል። በ10 ኪሎ ኦም ብናሰላው፣ ያ 1 ማይክሮ አምፒር የሚያወርደው 0.01 ቮልት ብቻ ስለሆነ ፒኑ 4.99 ቮልት ላይ ይቆያል። ቁልፉ ሲጫን የሚያልፈው 0.5 ሚሊ አምፒር ነው። በሬዚስተር ፋንታ ባዶ ሽቦ ብታደርግ ግን ቁልፉን ስትጫን 5 ቮልቱን ከግራውንድ ጋር ሾርት ታደርገዋለህ።

ቺፑ ውስጥም ፑል አፕ አለ፤ በአንድ መስመር ይበራል፦

```
pinMode(2, INPUT_PULLUP);
```

ይሄኛው ከ20 እስከ 50 ኪሎ ኦም ስለሆነ ለአጭር ሽቦ ይበቃል። ለአክስቴ 6 ሜትር ሽቦ ግን ደካማ ሆኖብኝ ከውጭ 4.7 ኪሎ ኦም ጨመርኩበት። ኮዱን መንካት አላስፈለገኝም፤ ድሮም `LOW` ሲያነብ እንዲደውል ነበር የተጻፈው። ያን ቀን ማታ መብራቱን ደጋግመን አበራን፣ አጠፋን። ደወሉ ትንፍሽ አላለም።