የእርጅና ቅናሽ፦ ማሽኑ ዋጋ አጣ ወይስ ወጪው ተከፋፈለ?

«የእርጅና ቅናሽ ማለት ዕቃው በዓመቱ ውስጥ ገበያ ላይ ያጣው ዋጋ ነው።»

ስሙ ነው ሰውን የሚያሳስተው። ሒሳብ ሠራተኛ ዓመቱ ሲዘጋ ገበያ ወጥቶ «ይሄ ማሽን አሁን ስንት ያወጣል?» ብሎ አይጠይቅም። አንዴ የወጣውን የግዢ ወጪ ዕቃው በሚያገለግልባቸው ዓመታት ላይ ያከፋፍላል፤ ሥራው ይኸው ነው። መዝገብ ላይ የሚቀረው ቁጥርም የመሸጫ ዋጋ አይደለም። ገና ወደ ወጪ ያልዞረ የግዢ ዋጋ ነው።

በምሳሌ እንየው። አንድ ማሽን በ500,000 ተገዛ። 4 ዓመት ያገለግላል፣ በመጨረሻ ደግሞ በ64,800 ይሸጣል ተብሎ ተገመተ። እንግዲህ የሚከፋፈለው ልዩነቱ፣ 435,200 ነው። በቀጥተኛው ዘዴ ለ4 እናካፍለዋለን፤ በየዓመቱ 108,800 ይደርሳል። ዋጋው እየቀነሰ በሚሄደው ዘዴ ግን በያንዳንዱ ዓመት መጀመሪያ ላይ ካለው የመዝገብ ዋጋ 40 በመቶ እንወስዳለን። የመጀመሪያው ዓመት 200,000፣ ሁለተኛው 120,000፣ ሦስተኛው 72,000፣ አራተኛው 43,200 ይሆናል።

«ሁለተኛው ዘዴ ወጪ ያበዛል፤ ትርፍ ይበላል።»

አራቱን ቁጥሮች ደምሯቸው። 435,200 ይመጣል፤ ከቀጥተኛው ጋር አንድ ነው። ዘዴው የሚለውጠው ወጪው የሚመዘገብበትን ጊዜ ብቻ ነው። መጀመሪያ ላይ ይከብዳል፣ ኋላ ላይ ይቀላል።

«እሺ፣ ማሽኑ በመሃል ቢሸጥስ?» ትሉ ይሆናል። እኔ ነገሩ በደንብ የገባኝ እዚህ ጋ ነው። ሁለተኛው ዓመት ሲያልቅ በ200,000 ተሸጠ እንበል። በቀጥተኛው ዘዴ የመዝገብ ዋጋው 282,400 ስለሆነ 82,400 የሽያጭ ኪሳራ ይመዘገባል። በሌላኛው ዘዴ የመዝገብ ዋጋው 180,000 ነው፤ 20,000 ትርፍ ይታያል። አንዱ መዝገብ «ከሰርን» ሲል ሌላው «አተረፍን» ይላል፤ ማሽኑ ግን ያው ማሽን፣ ገዢውም ያው ገዢ። አሁን የሁለቱን ዓመታት የእርጅና ቅናሽ እንጨምርበት። በቀጥተኛው ዘዴ 217,600 ሲደመር 82,400፣ በሁለተኛው ዘዴ 320,000 ሲቀነስ 20,000። ሁለቱም 300,000። በ500,000 ገዝቶ በ200,000 የሸጠ ሰው ያወጣው ይህንኑ ነው። የሽያጭ ትርፍና ኪሳራ የምንለው በአብዛኛው የግምታችን ማስተካከያ ነው።

«የተጠራቀመ የእርጅና ቅናሽ ሲባል ለአዲስ ማሽን መግዣ የተቀመጠ ገንዘብ ነው።»

አንድ የድርጅት ባለቤት ሪፖርቱን ይዞ «የተጠራቀመው ይኸው ተጽፏል፤ ታዲያ ባንክ ውስጥ የታለ?» ብሎ አፋጦኛል። አልፈረድኩበትም፤ «የተጠራቀመ» የሚለው ቃል ቁጠባ ይመስላል። ምዝገባውን ብታዩት ግን የእርጅና ወጪ ዴቢት ይሆናል፣ የተጠራቀመ የእርጅና ቅናሽ ክሬዲት ይሆናል፤ አለቀ። ባንክ የሚባል ነገር የለበትም። ገንዘቡ የወጣው ማሽኑ የተገዛ ቀን ነው። መተኪያ የሚፈልግ ሰው ለብቻው ማስቀመጥ አለበት።

«የትኛውን ዘዴ እንደምንይዝ ምርጫው የኛ ነው።»

ሙሉ በሙሉ አይደለም። ዓለም አቀፉ የሒሳብ መመዘኛ፣ አይኤኤስ 16፣ ዘዴው የዕቃው ጥቅም የሚያልቅበትን አካሄድ እንዲከተል ይጠይቃል። ሕንፃ ዘንድሮም ሆነ ከርሞ የሚሰጠው አገልግሎት ተቀራራቢ ስለሆነ ቀጥተኛው ይስማማዋል። መጀመሪያ ላይ ብዙ ሠርቶ ኋላ ላይ የሚደክም፣ ጥገናም የሚያበዛ መሣሪያ ከሆነ ሁለተኛው ይሻላል። ዘዴው በየዓመቱ መጨረሻ እንደገና መታየት አለበት። ለግብር የሚፈቀደው ስሌት ደግሞ ራሱን የቻለ ሕግ አለው፤ ከዚህ ጋር ባይገጥም አይግረማችሁ።

«4 ዓመት የሚያገለግል ከሆነ በሁለቱም ዘዴ 25 በመቶ ነው።»

በተግባር ብዙ ጊዜ የማየው ስህተት ይሄ ነው። 25 በመቶ ከመጀመሪያው ዋጋ ላይ ሲወሰድና በየዓመቱ ከሚያንሰው ቀሪ ላይ ሲወሰድ አንድ አይደለም። ለሁለተኛው ዘዴ ትክክለኛው መጠን የሚገኘው እንዲህ ነው፦

```
1 − (64,800 ÷ 500,000)^(1/4) = 0.40
```

በመጨረሻ ይሸጥበታል የተባለው 64,800 እዚሁ ስሌት ውስጥ ስለገባ በቅድሚያ ከ500,000 ላይ አይቀነስም፤ ከተቀነሰ ሁለቴ ተቆጠረ ማለት ነው። ስህተቱ የሚታወቀው መጨረሻ ላይ ነው። በ25 በመቶ ከሄድን አራተኛው ዓመት ሲዘጋ መዝገቡ ላይ 158,203 ገደማ ይቀራል። ማሽኑ እንደታሰበው በ64,800 ሲሸጥ ወደ 93,400 የሚጠጋ ኪሳራ በአንድ ቀን ዱብ ይላል። ያ ሁሉ ቀደም ባሉት አራት ዓመታት ወጪ መሆን የነበረበት ነው።