ግድግዳ ላይ የሚሰቀል ወይስ መሬት ላይ የሚቆም መቀመጫ? ስለ ጠባብ ሽንት ቤት የሚነገሩ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

«ቤቴ ጠባብ ስለሆነ የሚሰቀለውን ነው የምገዛው፤ ቦታ ይቆጥባል።»

ሱቅ ውስጥ የሚታየው መቀመጫው ብቻ ስለሆነ ነው እንዲህ የሚመስለው። የሚሰቀለው መቀመጫ ከግድግዳው ወደ ፊት የሚወጣው ከ48 እስከ 54 ሳ.ሜ. ነው። መሬት ላይ የሚቆመው ግን ከነታንከሩ ከ60 እስከ 70 ሳ.ሜ. ይደርሳል። ልዩነቱ ትልቅ ቢመስልም የሚሰቀለው ታንከር የለውም ማለት አይደለም፤ ከኋላው በብረት ፍሬም ውስጥ ተቀምጧል። ፍሬሙ ራሱ ከ12 እስከ 15 ሳ.ሜ. ውፍረት አለው። ፍሬሙን የሚሸፍነው ቦርድ፣ ማጣበቂያውና ሴራሚኩ ሲጨመሩበት 3 ሳ.ሜ. ያህል ይወስዳሉ።

በቁጥር እንየው። ከመቀመጫው ጀርባ ካለው ግድግዳ እስከ ፊት ለፊቱ ግድግዳ 125 ሳ.ሜ. የሆነ ሽንት ቤት አለን እንበል። 66 ሳ.ሜ. የሚወጣ ቋሚ መቀመጫ ብናስገባ ከፊቱ 59 ሳ.ሜ. ይቀራል። 52 ሳ.ሜ. የሚወጣ የሚሰቀል መቀመጫ ከ15 ሳ.ሜ. ፍሬምና ከ3 ሳ.ሜ. ሽፋን ጋር 70 ሳ.ሜ. ይሆናል፤ ከፊቱ የሚቀረው 55 ሳ.ሜ. ብቻ ነው። ውድ የሆነውን ገዝተን 4 ሳ.ሜ. አጣን ማለት ነው። አጭር ሆኖ የተሠራ 60 ሳ.ሜ. የሚወጣ ቋሚ መቀመጫ ቢገባ ግን 65 ሳ.ሜ. ይተርፋል። ለጉልበትና ለመነሻ ከፊት 60 ሳ.ሜ. ያህል ሲኖር ነው የሚመቸው።

የሚሰቀለው በእርግጥ ቦታ የሚቆጥበው ፍሬሙ የሚገባበት ጎድጓዳ ቦታ አስቀድሞ ሲኖር ነው። ለምሳሌ ከመቀመጫው ጀርባ የቧንቧ ሻፍት ካለና ፍሬሙን ወደዚያ ማስገባት ከተቻለ፣ ክፍሉ ውስጥ የሚወጣው መቀመጫው ብቻ ይሆናል። ያ ከሌለ የሚሰቀለው ጥቅሙ ሌላ ነው፦ ከሥሩ ወለሉ ነፃ ስለሚሆን መጥረግና ማጠብ ይቀላል፤ ከፍታውንም ሲገጠም እንደ ቤተሰቡ ማስተካከል ይቻላል። እነዚህ ጥሩ ምክንያቶች ናቸው፤ ቦታ ግን ከእነሱ ጋር አይቆጠርም።

«የፍሳሽ ቀዳዳው ወለሉ ላይ ተዘጋጅቷል፤ የፈለግሁትን ብገዛ ይገባል።»

ምርጫውን ከሁሉም በላይ የሚወስነው ይህ ቀዳዳ ነው። ወደ ሱቅ ከመሄዳችን በፊት ከጀርባው ካለው ግድግዳ እስከ ቀዳዳው መሃል ያለውን ርቀት በሜትር እንለካ። ሴራሚክ የተለጠፈ ከሆነ የሚለካው ከሴራሚኩ ፊት ነው። ግድግዳው ገና ባዶ ብሎኬት ከሆነ ደግሞ ለልስኑና ለሴራሚኩ ከ3 እስከ 4 ሳ.ሜ. እንቀንስ።

ብዙ ቤት ውስጥ የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው። ቧንቧ ሠራተኛው ከባዶ ብሎኬቱ 30 ሳ.ሜ. ለክቶ ባለ 110 ሚ.ሜ. ፒቪሲውን ያቆማል። ከዚያ ለሳኝ ይመጣል፤ ሴራሚክ ለጣፊ ይከተላል። መጨረሻ ላይ ርቀቱ 26 ሳ.ሜ. ሆኖ ይገኛል። «ለ30» ተብሎ የተሠራው መቀመጫ ቀዳዳው ላይ ሲቀመጥ ታንከሩ ከግድግዳው ጋር ይጋጫል፤ 4 ሳ.ሜ. ወደ ፊት ሲጎተት ደግሞ የመቀመጫው መውጫ ከቀዳዳው ይስታል። አንዳንዱ ሠራተኛ በሲሚንቶ ደፍኖት ይሄዳል። ውሎ አድሮ ከመቀመጫው ሥር እርጥበትና ሽታ ይመጣል፤ ከታች ባለው ጎረቤት ኮርኒስ ላይም ቢጫ ክብ ይታያል።

ደንቡ ቀላል ነው። የመቀመጫው ቁጥር ቤታችን ውስጥ ከለካነው ርቀት እኩል ወይም ያነሰ መሆን አለበት፤ መብለጥ የለበትም። ለ26 ሳ.ሜ. ቀዳዳ «ለ25» የተሠራ መቀመጫ ይገባል፤ ከኋላው 1 ሳ.ሜ. ክፍተት ብቻ ይቀራል። መሃሉን ጥቂት ሳንቲ ሜትር የሚያዛውር ጠማማ ማገናኛም በገበያ አለ፤ ሆኖም መተላለፊያውን ስለሚያጠብና ወረቀት ስለሚይዝ ሌላ አማራጭ ሲጠፋ ብቻ ነው የሚጠቅመው።

ወደሚሰቀለው ስንመጣ ችግሩ ይከብዳል። የሚሰቀለው መቀመጫ ፍሳሹን ወደ ኋላ ነው የሚያወጣው፤ የመውጫው መሃል ከወለሉ 22 ሳ.ሜ. ያህል ከፍ ይላል። ከዚያ ቱቦው በፍሬሙ ውስጥ ታጥፎ ወደ ታች ይወርዳል። ስለዚህ የወለሉ ቀዳዳ በፍሬሙ ጥልቀት ውስጥ፣ ለግድግዳው ተጠግቶ መገኘት አለበት። 30 ሳ.ሜ. ላይ ያለው አሮጌ ቀዳዳ ከፍሬሙ ፊት ሜዳ ላይ ይቀራል። አዲስ ቀዳዳ ለማውጣት ሶሌታው ይሰበራል፤ በግድግዳው መስመር ሥር ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ቢም ያልፋል። ቢም መብሳት ፈጽሞ አይፈቀድም፤ ፌሮው ከተቆረጠ ጉዳቱ የሕንፃው ነው። ቢም ባይኖር እንኳ ቱቦው የሚያልፈው በታችኛው ፎቅ ጎረቤት ኮርኒስ ውስጥ ስለሆነ ያለ እሳቸው ፈቃድ አይሠራም።

ሶሌታ ሳይነካ የሚቻልበት ሁኔታ አንድ ነው፦ ዋናው የፍሳሽ ቱቦ በዚያው ግድግዳ ጎን ቅርብ ከሆነ። ከ22 ሳ.ሜ. ከፍታ ተነስቶ ቱቦውን ከወለሉ በላይ፣ በሽፋኑ ግድግዳ ውስጥ ወደ ጎን መምራት ይቻላል። በየሜትሩ ከ1 እስከ 2 ሳ.ሜ. ዝቅ እያለ ይሄዳል፤ የሽፋኑ ግድግዳም እስከ ዋናው ቱቦ ድረስ ይረዝማል። መታጠፊያው ላይ አንድ ባለ 90 ዲግሪ ጎሚቶ ከማድረግ ሁለት ባለ 45 ማድረግ ይሻላል፤ እንዲህ ሲሆን አይታፈንም።

«ግድግዳው ብሎኬት ነው፤ በሁለት ብሎን ካሰርነው ይበቃል።»

አይበቃም። ሰው ሲቀመጥ መቀመጫው ወደ ታች ብቻ አይጫንም፤ ብሎኖቹን ወደ ፊት ይጎትታቸዋል። ብሎኬት ውስጡ ባዶ ስለሆነ ፊሸሩ የሚይዘው ጥቂት ሳንቲ ሜትር ቅርፊት ብቻ ነው፤ ሲቆይ እየተፈረፈረ ይለቃል። ክብደቱን የሚሸከመው የብረት ፍሬሙ ነው። የፍሬሙ ሁለት እግሮች ሶሌታው ላይ ይታሰራሉ፤ ከላይ ደግሞ ወደ ኋላ ወደ ግድግዳው ይያዛል፤ ያ የላይኛው ማሰሪያ እንዳያጋድል ነው። በትክክል የተገጠመ ፍሬም 400 ኪ.ግ. እንዲሸከም ተደርጎ ነው የሚሠራው።

እግሮቹ ሊሾ ላይ ብቻ ከታሰሩ ግን ይህ ቁጥር ዋጋ የለውም። ብሎኑ ሊሾውን አልፎ ኮንክሪቱ ውስጥ መግባት አለበት። መቀመጫውን የሚይዙት ሁለት ብሎኖች መሃል ለመሃል 18 ሳ.ሜ. ወይም 23 ሳ.ሜ. ስለሚራራቁ ፍሬሙና መቀመጫው አንድ ዓይነት መሆናቸውን ከመግዛታችን በፊት እንለካ። በመቀመጫውና በሴራሚኩ መካከል የሚገባው ለስላሳ ንጣፍም እንዳይረሳ፤ ያለ እሱ ብሎኑ ሲጠብቅ ወይ ሴራሚኩ ይሰነጠቃል ወይ መቀመጫው።

«የተደበቀው ታንከር ከተበላሸ ግድግዳ ማፍረስ ነው።»

የሚበላሹት ክፍሎች በመጫኛው ሰሌዳ በኩል ይወጣሉ። ሰሌዳው ይነሳል፤ ከኋላው ያለው መከላከያ ይወጣል፤ ታንከሩ ውስጥ ያለው ትንሽ ቫልቭ ይዘጋል። ከዚያ የውሃ ማስገቢያው ፍሎተርና የመልቀቂያው ጎማ አንድ በአንድ በእጅ ይወጣሉ። በብዛት የሚያልቀው ያ ጎማ ነው። መድከሙን ለማወቅ ውሃ ከለቀቅን ግማሽ ሰዓት በኋላ ደረቅ ሶፍት በመቀመጫው የኋላ ውስጣዊ ግድግዳ ላይ እንለጥፍ፤ ከረጠበ ውሃ እያመለጠ ነው።

ማፍረስ የሚመጣው በሁለት መንገድ ነው። አንደኛ፣ ሴራሚክ ለጣፊው ቀዳዳውን ሲያጠበው እጅ አይገባም። ሁለተኛ፣ ከታንከሩ ውጭ ያሉት መገጣጠሚያዎች፣ ማለትም ውሃ የሚያስገባው ቧንቧና ወደ መቀመጫው የሚወርደው ቱቦ፣ ከተሸፈኑ በኋላ አይደረስባቸውም። ስለዚህ ቦርዱ ከመዘጋቱ በፊት ታንከሩ ተሞልቶ አንድ ቀን ሙሉ ይዋል፣ ደጋግሞ ይለቀቅ፣ መገጣጠሚያው ሁሉ በደረቅ ሶፍት ይዳሰስ። ሻጩን ደግሞ «ጎማውና ፍሎተሩ ለብቻቸው ይሸጣሉ ወይ?» ብለን እንጠይቅ። መለዋወጫው እኛ በምንኖርበት ጎንደር ከሌለ ለአንድ ጎማ አዲስ አበባ ድረስ መላክ ነው።

«ውሃ በፈረቃ ስለሚመጣ፣ ግፊቱም ደካማ ስለሆነ ታንከሩ ከፍ ብሎ ካልተሰቀለ አያጥብም።»

የቧንቧው ግፊት የሚወስነው ታንከሩ በስንት ደቂቃ እንደሚሞላ ነው። የማጠቢያውን ኃይል የሚሰጠው ታንከሩ ውስጥ ያለው ውሃና ከመቀመጫው በላይ ያለው ከፍታ ነው፤ ፍሬም ውስጥ ያለው ታንከር ደግሞ መቀመጫው ላይ ከሚቀመጠው ዝቅ አይልም። ውሃው ከሮቶ ከሆነ በየሜትሩ ከፍታ 0.1 ባር ብቻ ይገኛል፤ ሮቶው ከፍሎተሩ 3 ሜትር ከፍ ካለ 0.3 ባር ማለት ነው። ካርቶኑ ላይ «ቢያንስ 0.5 ባር» የሚል ፍሎተር በእንዲህ ዓይነት ቤት እጅግ ቀስ ብሎ ይሞላል። በተለይ ላይኛው ፎቅ ላይ ያላችሁ ከ0.1 ወይም ከ0.2 ባር የሚጀምር ምረጡ።

ከፍ ብሎ ግድግዳ ላይ የሚሰቀለው ፕላስቲክ ታንከር ግን በጠባብ ቤት ሌላ ጥቅም አለው። መቀመጫውን ወደ ግድግዳው ማስጠጋት ያስችላል። ታንከሩ ዝቅ ብሎ ሲሰቀል ግን የመቀመጫው ክዳን ይነካዋል፤ ክዳኑ ወደ ኋላ ዘንበል ማለት ካልቻለ ቆሞ አይቆይም፣ ይወድቃል። ከመብሳታችን በፊት ክዳኑን ከፍተን ከጫፉ በላይ እንለካ። ከበስተኋላ መስኮት ካለም ይህ ታንከር ቦታ አያገኝም፤ ያን ጊዜ የሚሻለው መቀመጫው ላይ የሚያርፈው ወይም 82 ሳ.ሜ. ከፍታ ያለው አጭር ፍሬም ነው፤ የተለመደው ፍሬም 112 ሳ.ሜ. ስለሆነ መስኮቱን ይነካል።

ከአንገረብ ግድብ ወደ ጎንደር የሚመጣው ውሃ ሲቋረጥ መቀመጫው ላይ በሚያርፈውና በተደበቀው ታንከር መካከል ያለው ልዩነት ይታያል። መቀመጫው ላይ የሚያርፈው ታንከር ክዳኑ ተነስቶ ከጀሪካን በጆግ ይሞላል፤ እንደተለመደው ተጭኖ ይለቀቃል። የተደበቀውን እንዲህ መሙላት አይመችም፤ በባልዲ በቀጥታ መቀመጫው ውስጥ መድፋት ይቀራል። ከ6 እስከ 8 ሊትር በአንድ ጊዜ፣ ሳይቆራረጥ መደፋት አለበት፤ በትንሽ በትንሹ ከፈሰሰ ውሃው ያልፋል፣ ቆሻሻው ግን ይቀራል። ውሃው ሲመለስ ደለል ይዞ ስለሚመጣ ከታንከሩ በፊት ባለው አንግል ቫልቭ ላይ ማጣሪያ ይኑር፤ የተደበቀው ታንከር ቫልቭ ውስጥ ስለሆነ ማጣሪያው ውጭ፣ እጅ በሚደርስበት ቧንቧ ላይ ቢገባ ይሻላል።