«10 እጥፍ» የተባለው 2.5 ሲሆን

የታይታኒክን ተሳፋሪዎች እንደ አንድ የክትትል ጥናት እንያቸው። በአንድ የታወቀ መዝገብ ከ851 ወንዶች 709ኙ፣ ከ462 ሴቶች ደግሞ 154ቱ ሞተዋል። በመቶኛ 83 እና 33 ገደማ ነው። 83ን ለ33 ስናካፍል 2.5 እናገኛለን። አንጻራዊ ስጋት የሚባለው ይህ ነው።

ኦድስ ሬሾ የሚባለው ሌላው የማነጻጸሪያ ስሌት ግን የሞቱትን የሚያካፍለው ለጠቅላላው ሳይሆን ለተረፉት ነው። ለወንዶቹ 709 ለ142፣ ማለትም 5 ገደማ፤ ለሴቶቹ 154 ለ308፣ ማለትም 0.5። 5 ለ0.5 ሲካፈል 10 ይመጣል! ስሌቱ ልክ ነው። «ወንዶች የመሞት ዕድላቸው 10 እጥፍ ነበር» ብሎ መጻፍ ግን ትልቅ ስህተት ነው። የሴቶቹ 33 በመቶ በ10 ቢባዛ እኮ 330 በመቶ ይሆናል፤ ከመቶ ሰው 330 አይሞትም።

ሁለቱ ቁጥሮች የሚቀራረቡት ክስተቱ ብርቅ ሲሆን ነው፤ በተለምዶ ከ10 በመቶ በታች። ስለዚህ የጥናት ማጠቃለያ ላይ «እጥፍ» ስታዩ፣ በየቡድኑ ከመቶ ስንት ሰው እንደታመመ ፈልጉ።