ሾት ሊስት ምንድን ነው? የስቶሪቦርድ ግልባጭ አይደለም

«ሾት ሊስት ማለት ስቶሪቦርዱን በጽሑፍ መገልበጥ ነው።» ይህን አባባል በዚህ ወር ብቻ ለሦስተኛ ጊዜ አነበብኩት። ሁለት ጊዜ ዝም ብዬ አለፍኩ። አሁን ግን አላስችል አለኝ። ስቶሪቦርድ ቪዲዮው ከመቀረጹ በፊት በሳጥን በሳጥን የሚሳል ንድፉ ነው፤ ሾት ሊስት ደግሞ የሚቀረጹት ነገሮች የጽሑፍ ዝርዝር።

ዶሮ ወጥ ሲሠራ ሽንኩርቱ መጀመሪያ ይቁላላል፣ እንቁላሉ መጨረሻ ላይ ይገባል። ግን በዚህ ቅደም ተከተል አስቤዛ የሚገዛ ሰው አይታችኋል? ገበያ ውስጥ የምትዞሩት እቃው በሚገኝበት ቦታ ነው። ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት ከአንዷ ጉሊት ላይ አብረው ይገዛሉ፣ ድስት ውስጥ መቼም ይግቡ መቼ። ስቶሪቦርድ የወጡ አሠራር ነው፤ ተመልካቹ በሚያየው ቅደም ተከተል ይሳላል። ሾት ሊስት የአስቤዛው ዝርዝር ነው፤ ካሜራ የያዘው ሰው በሚቆምበት ቦታና በሚያገኘው ብርሃን ይደረደራል።

በአንድ የሰፈር ሱቅ እንየው። የአንድ ደቂቃ ማስታወቂያ ነው። እናት ጠዋት ልጇን ሱቅ ትልካለች። ልጁ ባንኮኒው ጋ ሲደርስ የተላከውን ይረሳል። «እትዬ... እማዬ...» ብሎ ይቆማል። ባለሱቋ ፈገግ ብላ ስድስት ዳቦና ሻይ ቅጠል ታወጣለታለች። የየቤቱን ታውቃለች፤ ማስታወቂያው የሚለው ይህንኑ ብቻ ነው።

ስቶሪቦርዱ 14 ሳጥን ይወጣዋል። ቤት ውስጥ ሦስት፣ 10 ሰከንድ። መንገድ ላይ ሁለት፣ 8 ሰከንድ። ሱቁ ጋ ሰባት፣ 30 ሰከንድ። ከዚያ ሱቁ ሲመሽ ከፊት ለፊት፣ 7 ሰከንድ። መጨረሻ ላይ ስምና አድራሻ፣ 5 ሰከንድ። ድምሩ 60 ነው። ስዕል አልችልም አትበሉ፤ ጭንቅላቱ ክብ፣ ገላው መስመር ይሁን። የሚፈለገው ማን የት እንደቆመና ካሜራው ምን ያህል እንደቀረበ ነው። ሳጥኑን ግን በምትለቁት ቅርጽ ሳሉት። ለቲክቶክ የሚሆን ቪዲዮ በተኛ ሳጥን ተስሎ በቆመ ስልክ ሲቀረጽ ወይ ልጁ ይቆረጣል ወይ ባለሱቋ።

አሁን ሱቁ ጋ ያሉትን ሰባት ሳጥኖች ተመልከቱ። አራቱ ባለሱቋን ከደጅ ያሳያሉ፣ ሁለቱ ልጁን ከባንኮኒው ውስጥ፣ አንዱ ዳቦ የምታነሳ እጅ ብቻ ነው። ግልባጭ ነው የሚለው ሰውዬ ሰባት መስመር ይጽፋል። ከዚያ ደጅ፣ ውስጥ፣ ደጅ፣ ውስጥ እያለ ካሜራውን ሲያመላልስ ይውላል፤ ደንበኛ ደግሞ ከኋላው «አንድ ሳሙና» ይላል። ትክክለኛው ሊስት ሦስት መስመር ነው። ካሜራው ደጅ ይቆማል፤ ባለሱቋ ትዕይንቱን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ትጫወታለች። አራቱም ሳጥኖች ከዚያ አንድ ቀረጻ ይቆረጣሉ። ቀጥሎ ከውስጥ ወደ ልጁ። ቀጥሎ እጁ። ስምና አድራሻው ኤዲቲንግ ላይ ስለሚሠራ አይቀረጽም። ስለዚህ 14 ሳጥን 9 መስመር ይሆናል።

ሰዓቱም ሊስቱን ያዛል። መንገዱ ጥላ ረዘም ሲል፣ ጠዋት 1 ሰዓት ላይ። ሱቁ የጠዋቱ ግርግር ካለፈ በኋላ፣ 4 ሰዓት ገደማ። የምሽቱ ቀረጻ አምፖሉ በርቶ ሰማዩ ገና ሰማያዊ ሳለ ነው፤ እኛ አገር ቶሎ ስለሚጨልም ያሏችሁ ደቂቃዎች ብቻ ናቸው።

ዳቦውንም ጻፉት። 4 ሰዓት ላይ ዳቦ አልቆ ሊሆን ይችላል፤ ትዕይንቱ ደግሞ አምስት ስድስት ጊዜ ይደገማል።

ሌላው የሚያናድደኝ «የደንበኛ እርካታ» የሚል መስመር ነው። አስቤዛ ዝርዝር ላይ «ጣዕም» ብሎ እንደመጻፍ ነው። ከየትኛዋ ጉሊት ይገዛል? «ልጁ ፌስታሉን ሲቀበል፣ ፊቱ ከቅርብ» ካላችሁ ግን ካሜራ የያዘው ሰው የት እንደሚቆም ያውቃል።

ሳትጠይቁኝ አንድ ነገር ልጨምር፤ የመብራት ሰው ስለሆንኩ ነው። የእኛ ኤሌክትሪክ 50 ኸርዝ ነው። ስልካችሁን በሰከንድ 25 ፍሬም፣ ሻተሩን በ1/50 ሰከንድ አድርጉ፤ አለዚያ የሱቁ መብራት ቪዲዮው ላይ ሊርገበገብ ይችላል። ይህንን ሊስቱ አናት ላይ ጻፉት።

ስቶሪቦርዱን ደግሞ ሱቁ ፊት ቆማችሁ ሳሉት። ቤት ተቀምጣችሁ የሳላችሁት ሱቅ ንጹሕ ግድግዳ አለው። እውነተኛው ግን የለስላሳ መጠጥ ማስታወቂያ ከላይ እስከ ታች የተቀባበት ሊሆን ይችላል፤ የሱቁ ስም ጥግ ላይ በትንሹ ተጽፎ። ከመንገድ ማዶ ሙሉ ሱቁን ካነሳችሁ 7 ሰከንድ የምታስተዋውቁት ለስላሳውን ነው። ሳጥን 13 ላይ ካሜራውን ወደ በሩ አስጠጉት።