ወርቅ በሀብት ስብጥር ውስጥ ያለው ድርሻ ምንድን ነው?

የካ አባዶ በምኖርበት ኮንዶሚኒየም ከእኔ በላይ ያለው ፎቅ ላይ የሚኖሩ አንዲት እናት ባለፈው ሰሞን አዝነው ወደ ቤቴ መጡ። የልጃቸውን የትምህርት ቤት ክፍያ ለመሙላት ከጥቂት ወራት በፊት የገዙትን የአንገት ሐብል ይዘው ፒያሳ ወርቅ ቤት ሄደው ነበር። «ልጄ፣ ወርቅ ጨመረ ሲባል ሰምቼ ነው የሄድኩት። ጨምሯልም። ታዲያ እኔ እንዴት ከገዛሁበት በታች ሸጥኩ?» አሉኝ። ማንም አላታለላቸውም። ነገሩን ተቀምጠን በወረቀት ላይ ስናሰላው ቆየን፤ ይህን ጽሑፍ የጻፍኩትም ከዚያ በኋላ ነው።

የሀብት ስብጥር ማለት አንድ ሰው ያለውን ገንዘብ ያስቀመጠባቸው ነገሮች ድምር ነው። የባንክ ቁጠባ፣ አክሲዮን፣ የመንግሥት የግምጃ ቤት ሰነድ፣ ቤት፣ ከብት፣ ወርቅ ሁሉም በዚህ ውስጥ ይገባሉ። ወርቅ በዚህ ድምር ውስጥ ያለው ሥራ ከሌሎቹ የተለየ ነው። ቁጠባ ወለድ ይከፍላል፣ አክሲዮን ትርፍ ያካፍላል፣ ቤት ይከራያል፣ ላም ትታለባለች። ወርቅ ግን ሃያ ዓመት በሣጥን ቢቀመጥ ያው ያስቀመጡት ግራም ነው። ሰው የሚይዘው ሌላው ንብረት ሲወድቅ አብሮ ላይወድቅ ይችላል ብሎ ነው። ጥያቄው ይህ ተስፋ በችግር ጊዜ ምን ያህል ሠርቷል የሚለው ነው።

እ.ኤ.አ. የ2008ቱን የዓለም የገንዘብ ቀውስ እንመልከት፤ ከሁሉም በላይ አስተማሪ ሆኖ ያገኘሁት እርሱን ነው። በዚያ ዓመት መጋቢት ወር አንድ አውንስ ወርቅ፣ ማለትም 31.1 ግራም ያህሉ፣ በለንደን ገበያ ከ1,000 ዶላር በላይ ደርሶ ነበር። መስከረም ላይ ሌማን ብራዘርስ የተባለው የአሜሪካ ባንክ ወደቀ፤ ዓለም ደነገጠ። በዚህ ጊዜ ወርቅ ሽቅብ ይወጣል ብሎ የሚጠብቅ ሰው በጥቅምት ወር የሚያየው ዋጋ ግን 712 ዶላር ነበር። ከመጋቢቱ ከፍታ ሲለካ ከመቶ ሠላሳ ያህል ወርዷል ማለት ነው፣ ያውም ቀውሱ በተፋፋመበት ወር።

ምክንያቱ ወርቅ መጥፎ ስለሆነ አልነበረም። በብድር አክሲዮን የገዙ ድርጅቶች አክሲዮኑ ሲወርድ አበዳሪዎቻቸው ተጨማሪ ማስያዣ በአስቸኳይ እንዲያመጡ ጠየቋቸው። የወደቀውን ንብረት የሚገዛ ሰው አልነበረም። ገዢ ያለውና በዚያው ቀን ወደ ዶላር የሚለወጠው ወርቅ ነበር፤ ስለዚህ እርሱን ሸጡ። ወርቅ በመጀመሪያው ድንጋጤ የሚወርደው ሊሸጥ የሚችል ስለሆነ ነው። እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2020 ኮሮና ዓለምን ሲያስደነግጥም ይኸው ተደገመ፤ በጥቂት ቀናት ውስጥ ከመቶ ከአሥር በላይ ወርዶ በነሐሴ ከ2,000 ዶላር በላይ ደረሰ።

የ2008ቱም እንዲሁ አገግሟል። ዓመቱ ሲያልቅ ወርቅ 870 ዶላር ገደማ ነበር። ከዓመቱ መነሻ ጋር ሲነጻጸር ከመቶ 4 ያህል ጨምሯል። በዚያው ዓመት የአምስት መቶ ታላላቅ የአሜሪካ ኩባንያዎችን አክሲዮን የሚለካው መለኪያ ከመቶ 38 በላይ ወድቋል። እንግዲህ 1,000 ዶላር የነበረውን አንድ ሰው እናስብ። ሁሉንም በአክሲዮን ቢይዝ በዓመቱ መጨረሻ 615 ዶላር ያህል ይቀረዋል። 900 በአክሲዮን፣ 100 በወርቅ ቢይዝ ደግሞ 657 ያህል ይቀረዋል።

በዚህ ቁጥር ላይ ትንሽ መቆየት እፈልጋለሁ፤ ስለ ወርቅ ሲወራ ብዙውን ጊዜ የሚዘለለው እዚህ ላይ ነው። ልዩነቱ 42 ዶላር ብቻ ነው። አንድ አሥረኛ ወርቅ መያዝ ሰውየውን ከጉዳት አላዳነውም፣ ጉዳቱን በጥቂቱ ቀነሰለት እንጂ። ትልቁ ጥቅም የሚታየው ቀጥሎ በሚያደርገው ነገር ላይ ነው። አሁን ከ657ቱ 104ቱ ወርቅ ነው፤ የወርቁ ድርሻ ከመቶ 10 ወደ 16 ገደማ አድጓል። ድርሻውን ወደ 10 ለመመለስ 38 ዶላር የሚያወጣ ወርቅ ሸጦ በረከሰ ዋጋ አክሲዮን ይገዛል። ወይም ሥራ ካጣ የወደቀውን አክሲዮን ሳይነካ ከወርቁ ይበላል። ይህን የማያደርግ፣ ወርቁን ጭራሽ የማይነካ ሰው፣ ከስብጥሩ የሚያገኘው ጥቅም በጣም ትንሽ ነው። በዚህ ምክንያት ለሠርግ በጥሎሽ የመጣን ወርቅ ከሀብት ስብጥር ውስጥ አልቆጥረውም። እናት ለልጇ የምታወርሰው፣ በችግርም ጊዜ ማንም የማይሸጠው ነገር ሌላ ክብር አለው፤ የችግር ቀን መጠባበቂያ ግን አይደለም።

በተቃራኒው ደግሞ ሀብቱን በሙሉ ወደ ወርቅ የለወጠ ሰው ሌላ አደጋ አለበት። ወርቅ እ.ኤ.አ. በጥር 1980 በአውንስ 850 ዶላር ደርሶ ነበር። ከዚያ ወረደ፤ በ1999 ወደ 250 ዶላር አሽቆለቆለ። ወደ 850 የተመለሰው በጥር 2008 ነው። 28 ዓመት ማለት ነው። በዚህ መካከል በአሜሪካ የሸቀጥ ዋጋ ከሁለት እጥፍ ተኩል በላይ ስለጨመረ፣ ያ ሰው ከ28 ዓመት በኋላ ያገኘው 850 ዶላር በመጀመሪያ ይገዛ ከነበረው ከግማሽ በታች ነበር የሚገዛው። ወርቅ የዋጋ ንረትን ያሸንፋል የሚለው አባባል ለመቶ ዓመት እውነት ሊሆን ይችላል፤ ለአንድ ሰው የሥራ ዘመን ግን ዋስትና አይሆንም።

ለእኛ ደግሞ አንድ ተጨማሪ ነገር አለ። የወርቅ ዋጋ በዓለም የሚቆረጠው በዶላር ነው። አዲስ አበባ ላይ ወርቅ የሚገዛ ሰው ሳያስበው ሁለት ነገር ይገዛል፤ አንዱ ወርቁ ነው፣ ሁለተኛው የምንዛሪው ለውጥ ነው። ብር ሲዳከም የዓለም ዋጋ ባይንቀሳቀስ እንኳ ወርቅ በብር ይጨምራል። ሰው ወርቅ የሚወድበት ትልቁ ምክንያት ይኸው ይመስለኛል፤ ምክንያቱም ትክክለኛ ነው። ነገር ግን ገበያው የባንክን ምንዛሪ ብቻ አይከተልም። በሐምሌ 2016 መጨረሻ የምንዛሪ ተመኑ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ አንድ ዶላር በባንክ ከ57 ብር ገደማ ተነስቶ በሁለት ሳምንት ውስጥ ከ100 ብር በላይ ሆነ። የአገር ውስጥ ወርቅ ግን ከዚያ በፊትም በትይዩ ገበያው ምንዛሪ ይታሰብ ስለነበር የባንኩን ዝላይ ሙሉ በሙሉ ሊከተል አይችልም ነበር፤ አብዛኛው መዳከም ቀደም ብሎ ዋጋው ውስጥ ገብቷል። ብር ወረደ ሲባል በዚያው ቀን ወርቅ ለመግዛት የሚሮጥ ሰው የሚደርሰው ብዙውን ጊዜ ዋጋው ከተጨመረ በኋላ ነው።

አሁን ወደ ጎረቤቴ ሐብል ልመለስ። ቁጥሮቹን ለስሌት እንዲመቹ አጠጋግቻቸዋለሁ። ሐብሉ 20 ግራም፣ 18 ካራት ነው። ንጹሕ ወርቅ 24 ካራት ስለሆነ 18 ካራት ማለት ከአራት ሦስት እጁ ብቻ ወርቅ ነው፤ የቀረው መዳብና ብርን የመሰለ ሌላ ብረት ነው። ስለዚህ በ20 ግራሙ ውስጥ ያለው ንጹሕ ወርቅ 15 ግራም ነው። በገዙበት ቀን የንጹሑ ግራም 10,000 ብር ነበር እንበል፤ የወርቁ ዋጋ 150,000 ብር ይሆናል። በዚህ ላይ የአንጥረኛው የእጅ ዋጋ በግራም 750 ብር፣ በጠቅላላው 15,000 ብር ተጨመረ። 165,000 ከፈሉ።

ሲሸጡ የንጹሑ ግራም 10,600 ደርሷል። በእርግጥም ወርቅ ከመቶ 6 ጨምሯል። 15 ግራሙ 159,000 ያወጣል። ወርቅ ቤቱ ግን ሐብሉን አቅልጦ እንደገና ሊሠራው ስለሆነ የእጅ ዋጋውን አይመልስም፤ ለማቅለጫውና ለትርፉ ደግሞ ከመቶ 5 ቀነሰ። እጃቸው ላይ የገባው 151,050 ብር ነው። ወርቁ ጨምሮ እርሳቸው 13,950 ብር ከሰሩ። በዚህ ሐብል ገንዘባቸው ሳይጎድል እንዲመለስ ወርቅ ከመቶ 16 ያህል መጨመር ነበረበት።

ይህ ክፍተት በዓመት የሚከፈል አይደለም፣ አንድ ጊዜ ብቻ ነው። ሐብሉን አሥር ዓመት ቢይዙት ለየዓመቱ የሚደርሰው ከመቶ አንድ ተኩል ያህል ነው። ለጥቂት ወራት ሲይዙት ግን ሙሉው ወጪ በእነዚያ ወራት ላይ ወደቀ። የእጅ ዋጋው ዝቅተኛ የሆነ፣ ጌጥ ያልበዛበት አምባር ቢሆን ኖሮ፣ በግራም 250 ብር ብንል፣ ወርቁ ከመቶ 9 ያህል ሲጨምር ኪሳራው ያበቃ ነበር። ለቁጠባ የሚገዛ ወርቅ ባማረ መጠን ይከፋል የምለው ለዚህ ነው፤ ፈርጥ ያለበት ከሆነ ደግሞ ሲሸጥ ፈርጡ ከሚዛኑ ተቀንሶ ነው የሚታሰበው።

ሁለተኛው ወጪ የሚያጡት ወለድ ነው። 165,000 ብሩ ከመቶ 7 በሚከፍል የቁጠባ ሒሳብ ቢቀመጥ በዓመት 11,550 ብር ያስገኛል። የዋጋ ንረቱ ከዚህ ወለድ በላይ በሆነባቸው ዓመታት ይህ ወለድ ብርን ከመሸርሸር እንዳላዳነው አውቃለሁ፤ ይሁን እንጂ የልጅ ክፍያ መስከረም ላይ እንደሚመጣ በሚያዝያ ለሚያውቅ ሰው፣ ቁጠባው ሳይጎድል የሚጠብቀው ገንዘብ ነው። በውጭ አገር ገበያ በአክሲዮን መልክ የሚሸጡ የወርቅ ፈንዶች አሉ፤ ከትልልቆቹ አንዱ ለማስቀመጫና ለአስተዳደር በዓመት ከመቶ 0.4 ያስከፍላል። በየቤታችን የሚቀመጥ ወርቅ ይህን አይከፍልም፤ ግን ሌባ ይፈራል፣ እንቅልፍ ይነሳል፣ የደበቀው ሰው በድንገት ከሞተም ከእርሱ ጋር ይቀበራል።

ጎረቤቴ የቀራቸው ሁለት አምባር ነው። ማኅተማቸውን አብረን አየን፤ 875 ይላል፣ 21 ካራት ማለት ነው። በየስንት ግራሙ እንደሆኑና የት እንደተገዙ ከደረሰኙ ጋር በደብተር ጻፉ፤ ለታላቋ ልጃቸውም አሳዩአት። የሚቀጥለው ዓመት የትምህርት ክፍያ ከአሁን ጀምሮ በየወሩ ባንክ ይገባል። አምባሮቹን የሚሸጡት ሌላ ሁሉ ሲጠፋ ብቻ እንዲሆን ወስነዋል።