የጅማ እቁብ መዝገብ፦ ማን ከፈለ፣ ማን ወሰደ፣ ማን ቀረ

ጅማ መርካቶ ውስጥ የእቁብ መዝገብ ማለት ብዙ ጊዜ ጠርዙ በዘይት የወዛ ደብተር ነው። ሰብሳቢው ወይም ጸሐፊው ስም ይጽፋል፣ በከፈለው ፊት ምልክት ያደርጋል፣ እጣ የወጣለትን ያከብባል። አሁን አሁን ግን ይሄው ደብተር ወደ ስልክ እየገባ ነው። ሰንጠረዥ ከፍቶ መመዝገብ ከባድ አይደለም። ችግሩ ብዙዎች ደብተሩን እንዳለ ይገለብጡትና ዋናውን ነገር ይረሱታል። ደብተሩ ማን እንደቀረ ያሳያል፤ የቀረው ሰው እቁቡን ወስዶ ነው ወይስ ሳይወስድ የሚለውን ግን ጎን ለጎን አያሳይም።

አንድ ምሳሌ እንውሰድ። 12 እቁብተኞች በየሳምንቱ 500 ብር ይጥላሉ። የሳምንቱ እጣ 6,000 ብር ነው። አሁን 7ኛው ሳምንት ላይ ናቸው። አንዲት ቅመም ነጋዴ በ2ኛው ሳምንት ደርሷታል፤ 6ኛውንና 7ኛውን ግን አልጣለችም። አንድ ባለ ባጃጅም እነዚያኑ ሁለት ሳምንታት ቀርቷል፤ እሱ ግን እጣ ገና አልወጣለትም። በደብተሩ ላይ ሁለቱም እኩል ጥፋተኛ ናቸው፦ ሁለት ሁለት ባዶ ቦታ።

ሂሳቡን እንየው። ሁለቱም እስካሁን የጣሉት 2,500 ብር ነው። ባለ ባጃጁ ምንም ስላልወሰደ የ2,500 ብር ባለገንዘብ ነው። ዛሬ ቢጠፋ የራሱ ብር እቁቡ ጋ ይቀራል። ነጋዴዋ ግን 6,000 ወስዳለች፤ ስለዚህ ቀሪዋ ከዜሮ በታች 3,500 ነው። ይህ ያለፉት ሁለት ሳምንታትና የሚቀሩት አምስቱ ድምር ነው። ሰብሳቢውን እንቅልፍ ሊነሳው የሚገባው የሷ ነው።

ሰንጠረዡ ይህን እንዲያሳይ A ላይ ስም፣ B ላይ ዋስ፣ C ላይ የወሰደው ብር፣ ከD እስከ O ድረስ 12ቱ ሳምንታት ይገባሉ። S1 ላይ ያለንበት ሳምንት ቁጥር ይጻፋል። P ቀሪውን፣ Q ምልክቱን ይሰጣል፦

```
P2: =SUM(D2:O2)-C2
Q2: =IF(SUM(D2:O2)>=$S$1*500,"",IF(C2>0,"ቀይ","ቢጫ"))
```

ቀይ ማለት ወስዶ የቀረ፣ ቢጫ ማለት ሳይወስድ የቀረ ነው። ሁለት ሰው አንድ እጣ በግማሽ ከያዙ አንድ መስመር ላይ ይጻፉ። ለየብቻ ከተጻፉ 250 ብር የጣለው ሁሌ ያልከፈለ ይመስላል።

የP ዓምድ ድምር ደግሞ ጥሩ መፈተሻ ነው። ሁሉም ከጣለና በየሳምንቱ አንድ አንድ ሰው ሙሉውን ከወሰደ ድምሩ ዜሮ ነው። በምሳሌያችን አራት ክፍያ ስለጎደለ ከዜሮ በታች 2,000 ይሆናል። እጣው ሳይጎድል ከተሰጠ ይህች ብር ከሰብሳቢው ኪስ ወጥታለች ማለት ነው። ሌላ ቁጥር ከመጣ የተሳሳተ ምዝገባ አለ። በቴሌብር በልጅ ወይም በጎረቤት ስልክ የተላከ ብር በሌላ ሰው መስመር ላይ ከተጻፈ ግን ድምሩ አይለወጥም። እሱን የሚይዘው አንደኛው ሳይከፍል ንጹሕ፣ ሌላው ከፍሎ ቀይ ሲሆን ነው፤ ያኔ ጭቅጭቁ ራሱ ይመጣል።

ዘግይቶ የከፈለ ሰው ባዶ የነበረውን ሳምንት ወደ ኋላ መሙላት የተለመደ ነው፤ ባይደረግ ይሻላል። በ8ኛው ሳምንት 1,500 ከሰጠ በ8ኛው ላይ 1,500 ይጻፍ። ስሌቱ በድምር ስለሚሄድ ምልክቱ ይነሳል፤ የቀረባቸው ሳምንታት ግን ባዶ ሆነው ታሪኩን ይናገራሉ። በሚቀጥለው ዙር እጣ ሲወጣ ማን ጠንካራ ዋስ ይጥራ የሚለው የሚወሰነው ከዚህ ነው። ጅማ ላይ የክረምቱን ቀሪ ከሰነፍ ቀሪ መለየትም ይቻላል፤ ቡናው እስኪለቀም እጁ የሚያጥረው ሰው ከጥቅምት ወዲህ ይደርሳል።

ተራው በእጣ ከሆነ C ዓምድ አስቀድሞ አይሞላም። ሕመም ወይም ሰርግ የገጠመው ሰው እጣ ከወጣለት ጋር ተስማምቶ ተራ ከቀየረ፣ ብሩ የሚጻፈው በእጁ በተቀበለው ስም ነው። እጣው የወጣለት ሰው ስም ላይ ከተጻፈ ዕዳው ከማይመለከተው ሰው ላይ ይወድቃል።

የዋሱ ዓምድ ስም ብቻ ከያዘ ዋጋ የለውም። በ1952 ዓ.ም. በወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ዋስትና በግልጽ ካልተሰጠና ከፍተኛው መጠን ካልተመለከተ አይጸናም። መጠኑን ደግሞ ሰንጠረዡ ያውቀዋል፦ እጣው በተሰጠበት ቀን ያለው ቀሪ ነው። በ1ኛው ሳምንት የወሰደ ሰው ዋስ 5,500 ብር ላይ ይፈርማል፣ የቅመም ነጋዴዋ ዋስ 5,000 ላይ፣ በ11ኛው የወሰደ ደግሞ 500 ብር ላይ። በመጨረሻው ሳምንት ለሚወስድ ሰው፣ ሁሉንም ከፍሎ ከሆነ፣ ዋስ አያስፈልገውም።