አይሶሜትሪክ ምንድን ነው? ከላይና ከጎን የታየ ሁሉ አይሶሜትሪክ አይደለም

ጅማ ውስጥ የቴክኒክ ሥዕል አስተምራለሁ። አንዳንድ ተማሪዎቼ የቡና መንደር የሚገነባበት ጨዋታ እየሠሩ ስለሆነ ፕሮምፕት በሚባል የጽሑፍ ትእዛዝ በሚሠራ ምስል አመንጪ ፕሮግራም ያሠሯቸውን ቤቶችና ዛፎች ያሳዩኛል። ሁሉም «አይሶሜትሪክ» ተብለው ቢሰየሙም አብዛኞቹ አይደሉም። ይህን እንድጽፍ ያነሣሣኝ ደግሞ አንድ አስተያየት ሰጪ «አይሶሜትሪክ ማለት ከላይ በማዕዘን በኩል የታየ ሥዕል ነው፤ ፕሮምፕቱ ላይ ቃሉን መጻፍ ይበቃል» ሲል ማንበቤ ነው። ትርጉሙም ምክሩም የተሳሳተ ነው።

ከላይ በማዕዘን በኩል የታየ ፎቶግራፍም አለ፤ ነገር ግን በፎቶግራፍ ውስጥ የራቀው ያንሳል፣ ትይዩ መስመሮችም እየተጠጋጉ ይሄዳሉ። በአይሶሜትሪክ ሥዕል ግን ትይዩ የሆነው እስከ መጨረሻው ትይዩ ነው፤ የራቀውም አያንስም። ልዩነቱን ረከቦት ላይ በተደረደሩ ሲኒዎች ማየት ይቻላል። ጠዋት ረከቦቱ ደጅ ቢወጣ የፀሐይ ጨረር ትይዩ ሆኖ ስለሚደርስ የስድስቱም ሲኒዎች ጥላ በርዝመትም በአቅጣጫም አንድ ዓይነት ይሆናል። ማታ ኩራዝ አጠገቡ ቢቀመጥ ግን ለኩራዙ የቀረበው ሲኒ ጥላው አጭር፣ የራቀው ረጅም ይሆናል፤ ጥላዎቹም ወደ ተለያየ አቅጣጫ ይበታተናሉ። እንደ ፎቶግራፉ የራቀውን የሚያሳንሰው ፐርስፔክቲቭ የኩራዝ ጥላ ነው፤ አይሶሜትሪክ የፀሐይ ጥላ ነው። ምሳሌውን ጥቂት ልግፋበት፦ ፀሐይ ላይ ላለው ረከቦት ሰባተኛ ሲኒ ብናመጣ፣ የትም ብናስቀምጠው ጥላው ከሌሎቹ ጋር ይስማማል። በኩራዝ ብርሃን ግን የሲኒው ጥላ የሚወሰነው በተቀመጠበት ቦታ ነው። አንድ ቤት ተሠርቶ በካርታው ላይ ሃምሳ ቦታ የሚተከልበት ጨዋታ ይህን ዘዴ የሚፈልገው በዚህ ምክንያት ነው። (ለትክክለኛነት ያህል፣ መሬት ላይ የወደቀ ጥላ ጨረሩ መሬቱን በሰያፍ ስለሚመታ የሚዘረጋ ነው፤ የእኛ ሥዕል የሚመስለው ለጨረሩ ቀጥ ብሎ በተያዘ ወረቀት ላይ የሚያርፈውን ጥላ ነው።)

ቃሉ «እኩል ልኬት» ማለት ነው፤ ርዝመት፣ ስፋትና ከፍታ በእኩል መጠን ያጥራሉ ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ1822 የካምብሪጁ ዊልያም ፋሪሽ ዘዴውን በጽሑፍ ያብራሩት ረዳቶቻቸው ለትምህርት የሚያገለግሉ የማሽን ሞዴሎችን ከሥዕል አይተው እንዲገጣጥሙ ነበር። እኩልነቱ እንዲጠበቅ የቤቱ መሠረት መስመሮች ከአግድም 30 ዲግሪ ይነሣሉ። የጨዋታ ካርታ ከሚሸፈንባቸው ንጣፎች አብዛኞቹ ግን ስፋታቸው የቁመታቸው ሁለት እጥፍ ነው፤ ለምሳሌ 128 በ64 ፒክስል። የእነዚህ ጠርዝ የሚነሣው በ26.6 ዲግሪ ገደማ ስለሆነ በእኛ ሙያ ስሙ ዳይሜትሪክ ነው፤ ከሦስቱ ልኬቶች በእኩል መጠን የሚያጥሩት ሁለቱ ብቻ ናቸው ማለት ነው። ጨዋታ ሠሪዎች አይሶሜትሪክ ቢሉት አልከራከርም፤ ሁለቱን በአንድ ካርታ ላይ መቀላቀል ግን አይቻልም።

አንድ ተማሪዬ ያመጣውን ባለ ቆርቆሮ የጭቃ ቤት በማስመሪያ ለክተነው ነበር። ንጣፉ 64 ፒክስል ወደ ጎን ሲሄድ 32 ፒክስል ይነሣል፤ የቤቱ መሠረት ግን 37 ይነሣ ነበር። አምስት ፒክስል ትንሽ ይመስላል። ነገር ግን በዚያው ማዕዘን የተሠራ አጥር አሥር ንጣፍ ከተጓዘ ከካርታው 50 ፒክስል ይርቃል። ይባስ ብሎ መሠረቱ 37 የሚነሣው የዚያው ግድግዳ የላይኛው ጠርዝ በተመሳሳይ ርቀት 30 ብቻ ይነሣ ነበር። መሠረቱና የግድግዳው አናት ትይዩ ካልሆኑ ምስሉ የኩራዝ ጥላ ነው፤ ምንም ያህል ቢያምር ይጣላል። ስትለኩ የጣሪያውን ተዳፋት ጠርዝ አትለኩ፤ እርሱ በጣሪያው ዘንበልታ መጠን ስለሚለዋወጥ ስለ ማዕዘኑ ምንም አይነግራችሁም።

ፕሮምፕቱ ላይ «30 ዲግሪ» ብሎ መጻፍ ለምን አይረዳም? ምስል አመንጪው ማዕዘን አይለካም። ቃሉን የሚያዛምደው በሥልጠናው ወቅት ያን ቃል ይዘው ከመጡ ምስሎች ጋር ነው፤ በእነዚያ ውስጥ ደግሞ በፐርስፔክቲቭ የተሠሩ የመጫወቻ መንደሮችም አሉ። አመንጪው ምስሉን የሚጀምርበትን ሲድ የተባለ ቁጥር አለመቀየርም ዋስትና አይደለም፤ «ቤት» የሚለው ቃል በ«ዛፍ» ሲተካ አቀማመጡ አብሮ ሊለወጥ ይችላል። ማዕዘኑን በቃል ከመለመን በምስል መስጠት ይሻላል። ብሌንደር በተባለው የ3D ቅርጽ መሥሪያ ፕሮግራም ላይ ካሜራውን ኦርቶግራፊክ፣ ማለትም የራቀውን የማያሳንስ፣ አድርጋችሁ፣ ለ128 በ64 ንጣፍ መዞሪያውን X 60፣ Y 0፣ Z 45 ላይ አስቀምጡ። አንድ ሣጥንና ባለ ሁለት ተዳፋት ጣሪያ ብቻ ሥሩ። የዚህን የጥልቀት ምስል፣ ማለትም እያንዳንዱ ነጥብ ከካሜራው ያለውን ርቀት የሚያሳየውን፣ አመንጪው የተሰጠውን ቅርጽ እንዲከተል በሚያደርግ እንደ ኮንትሮልኔት ባለ መሣሪያ በኩል ለአመንጪው ስጡት። ያን ጊዜ ቅርጹና ማዕዘኑ ከሣጥኑ ይመጣሉ፤ የፕሮምፕቱ ሥራ ቁሳቁሱንና ቀለሙን መንገር ብቻ ይሆናል።

```
small mud-walled house, corrugated iron roof,
flat shading, one solid color per face,
roof lightest, left wall medium, right wall dark,
plain white background
```

የማትፈልጉትን እዚህ ውስጥ «ጥላ አይኑር» ብላችሁ አትጻፉ፤ ብዙ ጊዜ ቃሉ ራሱ ጥላውን ይጠራዋል። የአሉታዊ ፕሮምፕት ሳጥን ካለ እዚያ ይግባ፦

```
cast shadow, gradient, perspective, vignette
```

ዛፍ ከቤት ይልቅ ያሳስተናል፤ የሚለካ ቀጥ ያለ ጠርዝ የለውም። እንደ ኳስ ድቡልቡል የሆነ የዋንዛ አናት በዚህ ዘዴ ከየትኛውም አቅጣጫ ቢታይ ክብ ስለሆነ ስለ ማዕዘኑ አይመሰክርም። የሚመሰክረው ግርጌው ነው። ክብ ግንድ መሬት የሚነካበት መስመር ሞላላ ሆኖ መታየት አለበት፤ በ128 በ64 ንጣፍ ላይ የሞላላው ሙሉ ስፋት የቁመቱ ሁለት እጥፍ ይሆናል። ግርጌው ቀጥ ባለ አግድም መስመር ከተቆረጠ ዛፉ ከፊት ለፊት የተሣለ ነው፤ ከቤቱ አጠገብ ሲተከልም እንደ ተለጠፈ ወረቀት ይታያል። ስለዚህ ለዛፉም ሲሊንደርና ጥቂት ጠፍጣፋ ገጽታዎች ያሉት ድቡልቡል ነገር ሠርታችሁ በዚያው ካሜራ አንሡት።

የድቡልቡሉ ገጽታዎች ጥቂት እንዲሆኑ ያልሁት በፍላት ሼዲንግ ምክንያት ነው። ብዙዎች ይህን ቃል «ብርሃንና ጥላ የሌለበት» ብለው ይረዱታል። ትርጉሙ ግን እያንዳንዱ ገጽታ አንድ ወጥ ቀለም ይኑረው ማለት ነው፤ ገጽታዎቹ እርስ በርስ በብርሃን መለያየታቸው ይቀጥላል። የቤቱ ጣሪያ ደማቅ፣ የግራው ግድግዳ መካከለኛ፣ የቀኙ ጥቁር ሲሆን እያንዳንዳቸው ወጥ ናቸው። ሦስቱም አንድ ቀለም ቢሆኑ ቤቱ ቤት መሆኑ ይቀርና ጠፍጣፋ ቅርጽ ብቻ ይሆናል። የዛፉ አናትም ገጽታ ከሌለው አመንጪው ቀለሙን ቀስ በቀስ እያደበዘዘ ያዞረዋል፤ ያ ፍላት ሼዲንግ አይደለም። ምስሉን አጉልታችሁ በቀለም መልቀሚያ መሣሪያ አንድ ግድግዳ ላይ ሦስት ቦታ ንኩ፤ የሚታዩት ቁጥሮች በግልጽ ከተለያዩ ግድግዳው ወጥ አይደለም።

ቤቱ ወደ ሌላ አቅጣጫ እንዲመለከት ምስሉን በመስታወት እንደሚታይ መገልበጥም የተለመደ ነው። ማዕዘኑ አይበላሽም፤ ብርሃኑ ግን ይገለበጣል፤ ግራው ጨልሞ ቀኙ ይበራል። የተገለበጠውን ከቀድሞው አጠገብ ለመትከል መጀመሪያ የሁለቱን ግድግዳዎች ቀለም ማቀያየር ያስፈልጋል።